ግርዶሹ አልፎ ዲግሪው ሲቀር

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ነበር። አባባ ከጓዳ የስንዴ ማበጠሪያውን ወንፊት ይዘው ወደ ግቢ ወጡ። የሰኔ ደመና አዲስ አበባ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አልፎ አልፎ ከፈት ሲል ግን ፀሐይዋ በምሥራቅ ዝቅ ብላ ትታያለች። ወንፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው ያዙትና ከኋላቸው ያለውን በኖራ የተቀባ ግድግዳ እንድመለከት በአገጫቸው ጠቆሙኝ። በሌላ ቀን በዚያ ግድግዳ ላይ የሚወድቀው ክብ ክብ የብርሃን ነጠብጣብ ነው። ያን ቀን ግን እያንዳንዷ ቀዳዳ አንዳንድ ማጭድ ጥላበታለች። በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ማጭዶች፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የዞሩ። አባባ ክንዳቸው እስኪዝል ያዙት። እማዬ ከበር ላይ ሆና «ዓይናችሁን! ዓይናችሁን!» ትላለች፤ እኛ ግን ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን ግድግዳ ነበር የምናየው።

በዚያ ሰዓት ላሊበላ ላይ ጨረቃዋ የፀሐይን መሐል ሸፍና ዙሪያዋን ቀለበት አድርጋ ትታይ ነበር። ለአብዛኛው ሰው ነገሩ እዚያው ጠዋት ላይ አለቀ። ለእኔ ግን ያን ቀን ተጀምሮ አሥር ወር ሙሉ አብሮኝ ቆየ፤ ምክንያቱም ግርዶሹ የወደቀው እኔ ስወለድ ፀሐይ የነበረችበት ዲግሪ ላይ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግርዶሽ በመጣ ቁጥር «የእኔ ላይ ነው የወደቀው? ምን ይሆንብኛል?» ብለው ለሚጠይቁኝ ሰዎች ነው። መልሴ ሁሌም ወደዚያ ዓመት ማስታወሻ ደብተሬ ይመልሰኛልና አሁን ደብተሩን ከፍቼ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ «ላይ መውደቅ» ማለት ምን እንደሆነ። የእኛ አገር የቆየው ኮከብ ቆጠራ የሰውን ስምና የእናቱን ስም ፊደል ቆጥሮ፣ በ12 ገድፎ፣ በቀረው ቁጥር ኮከቡን ያወጣል። እዚህ የማወራው ያንን አይደለም። የማወራው ሰው በተወለደባት ደቂቃ ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች ሰማይ ላይ የትኛው ዲግሪ ላይ እንደነበሩ መዝግቦ የሚይዘውን ነው። የሰማዩ መንገድ 360 ዲግሪ ነው፤ ለ12ቱ ኮከቦች፣ ከሐመል እስከ ሑት፣ ሠላሳ ሠላሳ ዲግሪ ይደርሳቸዋል። የሰኔ 14ቱ ግርዶሽ የሆነው ሸርጣን በ0 ዲግሪ ከ21 ደቂቃ ላይ ነው። እኔ የተወለድኩት ሰኔ 15 ቀን 1974 ዓ.ም. ሲሆን ፀሐዬ ያለችው ሸርጣን በ0 ዲግሪ ከ22 ደቂቃ ላይ ነው። (ይህ ደቂቃ የሰዓት ደቂቃ አይደለም፤ የዲግሪ አንድ ስልሳኛ ነው።) በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንዲት ደቂቃ ብቻ ነው ማለት ነው።

ሰንጠረዥ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይህን በቀላሉ ማወቅ ይችላል። ፀሐይ በቀን አንድ ዲግሪ ያህል ስለምትሄድ፣ የፀሐይ ግርዶሽ ከልደታችሁ በአንድ ቀን ውስጥ ከዋለ ፀሐያችሁ ላይ ወድቋል። ከልደታችሁ ስድስት ወር ርቆ ከዋለ ደግሞ ፊት ለፊቷ ነው። ለጨረቃና ለሌሎቹ ግን ሰንጠረዥ የግድ ነው።

«ቅርብ» የሚለው ቃል ላይ ጠንከር ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንዳንዶች እስከ አምስት ዲግሪ ድረስ ርቆ የወደቀውን ሁሉ «መታኝ» ይላሉ። እስቲ አብረን እንቁጠረው። በልደት ሰማይ ላይ የምናያቸው ነጥቦች አሥሩ የሰማይ አካላት፣ ሲወለዱ በምሥራቅ ይወጣ የነበረው ዲግሪና ከአናት በላይ የነበረው ዲግሪ ናቸው፤ በድምሩ 12። ለእያንዳንዱ ነጥብ በግራና በቀኝ አምስት አምስት ዲግሪ ብንፈቅድ 10 ዲግሪ፣ ፊት ለፊቱን ስንጨምር 20 ዲግሪ ይሆናል። 12 ጊዜ 20፣ 240 ነው። ነጥቦቹ ካልተደራረቡ ከሰማዩ ሁለት ሦስተኛው «የእኔ» ሆነ ማለት ነው! በዓመት ቢያንስ አራት ግርዶሽ አለና በዚህ ስሌት የማይመታ ሰው አይኖርም፤ ሁሉን የሚመታ ነገር ደግሞ ለማንም ምንም አይነግርም። ወሰኑን ወደ አንድ ዲግሪ ስናወርደው 48 ዲግሪ ብቻ ይቀራል፤ ከስምንት ግርዶሽ አንዱ ገደማ ማለት ነው። እኔ አንድ ዲግሪን የያዝኩት ለዚህ ነው። ከዚያ ውጪ የሆነውን አላነበውም።

አሁን ወደ ወራቱ። ስለ ግርዶሽ ጊዜ አቆጣጠር ጥንት ከጻፉት መካከል የእስክንድርያው ቶለሚ ሁለት ነገር አስቀምጧል። አንደኛው፣ የፀሐይ ግርዶሽ ውጤት የሚቆየው ግርዶሹ በቆየበት ሰዓት ልክ ያህል ዓመት ነው፤ የጨረቃ ከሆነ በዚያው ልክ ወር። ሁለተኛው፣ ግርዶሹ የታየው በምሥራቅ በኩል ከሆነ ነገሩ በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ይጀምራል፤ ከአናት በላይ ከሆነ በሁለተኛዎቹ አራት ወራት፤ በምዕራብ ከሆነ በመጨረሻዎቹ አራት። እሱ ይህን የጻፈው ስለ አገርና ስለ ሕዝብ ዕጣ እንጂ ስለ ግለሰብ አይደለም። ለግለሰብ ያዋሉት ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው፤ እኔም የእነሱን ፈለግ ነው የተከተልኩት። የእኛው ግርዶሽ ወንፊቱ እንዳሳየን በምሥራቅ ዝቅ ብሎ ነበር፤ የቆየውም ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ በእሱ አቆጣጠር ጅማሬው እስከ ጥቅምት 2013 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ጠቅላላ ዕድሜው ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይሆናል።

የዛሬዎቹ ኮከብ ቆጣሪዎች ከዚህ በተጨማሪ የሚሠሩበትን ዘዴ እኔ ይበልጥ አምነዋለሁ። ግርዶሹ ራሱ ቀን አይነግርም፤ የሚያደርገው አንድን ዲግሪ ቀስቅሶ መተው ነው። ቀኑን የሚነግሩት ከዚያ በኋላ በዚያ ዲግሪ ላይ፣ ወይም በዘጠና ዲግሪ ማዕዘን፣ ወይም ፊት ለፊቱ የሚያልፉት ናቸው። ፀሐይ በየሦስት ወሩ አንዴ ትነካዋለች። የሚፈለገው ግን ከሁሉ በላይ ማርስ ነው፤ ማርስ ሲደርስ ሲንከባለል የቆየው ነገር ይቆርጣል፣ ይፈነዳል ወይም ይፈጸማል ይባላል። ጨረቃ በየሳምንቱ ስለምታልፍ ከእሷ ጋር የተገጣጠመውን ሁሉ መቁጠር ራስን ማታለል ነው።

እኔ ከግርዶሹ በፊት በነበረው ቅዳሜ ማታ ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ፀሐዬ ናት። ሥራ፣ ስም፣ አባባ። ሰኔ 21 ማርስ በዘጠና ዲግሪ። መስከረም 12 ፀሐይ በዘጠና። ታኅሣሥ 12 ፀሐይ ፊት ለፊት። መጋቢት 11 ፀሐይ በዘጠና። ሚያዝያ 16 ማርስ ራሱ ላይ።» አስቀድሜ መጻፌ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ነገሩ ከሆነ በኋላ ወደ ኋላ ሄዶ ቀን መፈለግ ለማንም አይሳነውም፤ የፈለገ ሰው ሁሌም ያገኛል።

ያኔ የምሠራው በአንድ ማተሚያ ቤት የገጽ ቅንብር ክፍል ውስጥ ነበር። ማርስ ሐመል የገባው እሑድ ሰኔ 21 ነው። ሰኞ ሰኔ 22 ጠዋት ክፍሉ እንደሚታጠፍና እኔም ከመስከረም በኋላ እንደማልቀጥል የሚገልጽ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ታጥፎ የቁልፍ ሰሌዳው ሥር ገብቶ ነበር፤ ጫፉ ብቻ ይታያል። አነበብኩት፣ መልሼ አጠፍኩት፣ ከዚያም ተቀምጬ የጀመርኩትን የሠርግ መጥሪያ ጨረስኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ የተንቀጠቀጠው ማታ ለአባባ ስነግራቸው ነው።

በማግሥቱ በአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በየቤቱ ሐዘንና ስጋት ገባ። ይህን የማነሳው አንድ ነገር ለመለየት ነው። ያ ወር ለመላው አገር ከባድ ነበር፤ ወረርሽኙም ሥራ የነጠቀው እኔን ብቻ አልነበረም። ሚሊዮኖችን ያገኘ ነገር የእኔ ፀሐይ ላይ የወደቀ ግርዶሽ ውጤት ነው ብል ድፍረት ነው። ሰኔ 18 የተወለደም ጥር 3 የተወለደም ያን ዓመት ሥራ አጥቷል። ስለዚህ ደብተሬ ላይ «ደብዳቤው» የሚለውን ስጽፍ ከጎኑ «ብዙዎችንም» ብዬ ጽፌበታለሁ። በልደት ሰማይ የሚነበበው ነገሩ ለምን እኔን አገኘኝ የሚለው አይደለም፤ በእኔ ሕይወት የትኛውን ክር እንደነካና መቼ መቼ እንደጠበቀ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ምንም የለም። ሰው ግርዶሽ ሲባል በየሳምንቱ አንድ ነገር ይጠብቃል፤ አብዛኛው ጊዜ ግን ባዶ ነው፣ ባዶ መሆኑንም መመዝገብ ያስፈልጋል። ያን ዓመት ደግሞ ማርስ እንደ ወትሮው ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አላለፈም፤ ከምድር ሲታይ ወደ ኋላ ስለተመለሰ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ሐመል ውስጥ ከረመ። ወደ ኋላ ሲመለስም የደረሰው እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ የእኔን ዲግሪ ዳግም አልነካውም። ከሰኔ 21 በኋላ እስከ ሚያዝያ ድረስ ማርስ የለም ማለት ነበር። መሐሉን ፀሐይ ብቻ ነው የምትጠብቀው።

መስከረም 13 ረቡዕ ክሊራንሴን ጨረስኩ፤ ደብተሬ ላይ ከተጻፈው ቀን በአንድ ቀን ይዘገያል። ዕቃ ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሒሳብ ክፍል፣ ሰው ኃይል፤ አራት ፊርማ። የሥራ ስንብት ክፍያዬ ግን «እየታየ ነው» ተባለ። የታኅሣሥ 12 ሳምንት ግማሹን ተቀብዬ እንድተወው ሐሳብ ቀረበልኝ፤ አልተቀበልኩም። መጋቢት 11 ቅዳሜ ምንም፣ ጭራሽ ምንም አልሆነም። በፊቱ ባለው ሳምንትም በኋላው ባለውም የለም። ያን ቀን ምንጣፍ አጥቤያለሁ። አርብ ሚያዝያ 15 ከሰዓት በኋላ ተደውሎልኝ ሄድኩና ሙሉ ክፍያው የተጻፈበትን ቼክ ተቀበልኩ። ማርስ ሸርጣን የገባው ያን ቀን ከሰዓት ነው፤ ልክ ዲግሪዬ ላይ የደረሰው በማግሥቱ ንጋት ላይ፣ የሆሳዕና ዋዜማ።

አምስት ቀን ጻፍኩ፤ አራቱ አካባቢ አንድ ነገር ሆነ፣ አንዱ ባዶ ወጣ። ትልልቆቹ ሁለቱ፣ መባረሩና መካሱ፣ ሁለቱም ማርስ ላይ ናቸው። ይህ ምንም አያረጋግጥም። ግርዶሽ የሰው ሥራ ላይ ይደርሳል የሚል ማስረጃ ሳይንስ የለውም፤ እኔም ጨረቃ ደብዳቤ ጻፈች አልልም። የምለው ቀኖቹን አስቀድሜ ስላወቅኋቸው በመካከሉ ባለው ባዶ ጊዜ በየቀኑ ስልክ እያየሁ አልተቃጠልኩም ነው። ጥር ላይ ግማሹን ተቀብዬ ልገላገል ብዬ ነበር፤ ማርስ ገና አልደረሰም ብዬ ቆየሁ። ልክ ነበርኩ ወይስ ዕድለኛ ነበርኩ የሚለውን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ያልሆነውንም ልንገራችሁ። ፀሐይ አባትን ታመለክታለች ይባላል፤ ደብተሬም ላይ «አባባ» ብዬ ጽፌ ነበር። አባባ ያን ዓመት ጉንፋን እንኳ አልያዛቸውም። ያንን ቃል በቀይ ሰርዤዋለሁ፤ አሁንም ይታያል።

ከዚህ የከፋ ስሕተት ግን አለኝ፤ ይህን ጽሑፍ ስጀምር በልቤ የነበረው እሱ ነው። ከሰኔ 14ቱ በኋላ ሰኔ 28 ቀን የጨረቃ ግርዶሽ ነበር፤ ጀዲ በ13 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ ላይ። እኔ ደግሞ የልደት ሰማዬን ኮምፒውተር ላይ ሳወጣ የልደት ሰዓቴን 11:30 ብዬ ነበር ያስገባሁት፤ ከልጅነት ካርዴ ላይ ያነበብኩት እንደዚያ ነውና። ፕሮግራሙ ጨረቃዬን ሸርጣን 13 ዲግሪ አጠገብ አስቀመጣት። ግርዶሹ ፊት ለፊቷ፣ በአንድ ዲግሪ ውስጥ! ጨረቃ እናት ናት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ሳል ስትል ከእንቅልፌ እነቃለሁ። ገበያ ስትሄድ ሰበብ ፈልጌ አብሬ እሄዳለሁ። ወረርሽኙም ስለነበረ ፍርሃቴን የሚያጠናክር ነገር አላጣሁም። እንዲህ አራት ወር ሄደ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ቡና እየጠጣን የጎረቤት ልጅ ስለ መውለዷ ተነሳ። እኔም እንደ ቀልድ፣ «እኔ ደግሞ በቀን ነበር የተወለድኩት፣ አይደል እማዬ?» አልኳት።

ጀበናውን አስቀመጠች። «በቀን? ማነው በቀን ወለድኩሽ ያለሽ? ለአሥራ አምስት አጥቢያ፣ ሊነጋ ሲል ነው እንጂ! የኪዳን ደወል ሰምቼ ነው የተገላገልኩት። አሥራ አንድ ተኩል ግድም።»

አሥራ አንድ ተኩል! ከሌሊቱ። በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 11:30፣ ፕሮግራሙ በሚያውቀው ሰዓት 5:30 ነው። እኔ ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ አስገብቼ ረፋድ ላይ ተወለድኩ ብያለሁ። ስድስት ሰዓት ተሳስቻለሁ። በስድስት ሰዓት ፀሐይ የምትንቀሳቀሰው ሩብ ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ስለ ፀሐዬ ያነበብኩት ብዙ አልተናጋም። እኔ የተወለድኩ ቀን ግን ጨረቃ ፈጣን ነበረች፤ በስድስት ሰዓት አራት ዲግሪ ገደማ ሄዳለች። ትክክለኛዋ ጨረቃዬ ሸርጣን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። የሰኔ 28ቱ ግርዶሽ ከእሷ ከአራት ዲግሪ በላይ ይርቃል፤ በራሴ ሚዛን ጭራሽ አልነካትም። አራት ወር የፈራሁት ያልወደቀ ግርዶሽ ነበር።

ያን ማታ ደብተሬን ከፍቼ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እፎይታ ይሁን ቁጭት አላወቅሁም። እማዬ እስከ ዛሬ ይህን አታውቅም፤ ቢበዛ ያን ክረምት ገበያ መውደድ ጀምራ ነበር ትላለች።

ስለዚህ የልደት ሰማያችሁን የምታወጡ ሰዎች፣ ሦስት ቦታ ላይ አብራችሁኝ ቁሙ። ሰዓቱ የእኛ ነው የፈረንጅ? ቀኑ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ትክክል መጥቷል? እናትህ «ለአሥራ አምስት አጥቢያ» ስትል ሌሊቱ የነጋው ለ15 ነው ማለቷ ነው፤ ካርድ ላይ ግን ጸሐፊው 14 ብሎት ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ለፀሐይ አንድ ዲግሪ ነው፤ አንድ ዲግሪ ደግሞ የያዝነው ወሰን በሙሉ ነው። ለጨረቃማ 13 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አላገኘንም ማለት ነው።

ሲወለዱ በምሥራቅ ይወጣ የነበረውን ዲግሪ በተመለከተ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። እሱ በየአራት ደቂቃው አንድ ዲግሪ ያህል ይሄዳል። በተሳሳተው ሰዓት ሰንቡላ ነበር የሰጠኝ፤ በታረመው ገውዝ ወደ 21 ዲግሪ ሆነ። ይህ ከሆነ ታኅሣሥ 5 ቀን 2013 ቀውስ 23 ዲግሪ ላይ የሆነው ግርዶሽ ፊት ለፊቱ፣ ሰኔ 3 ቀን 2013 ገውዝ ወደ 20 ዲግሪ ላይ የሆነው ደግሞ አጠገቡ ነው። እጄን አላነሳሁባቸውም። እናቴ የነገረችኝ የኪዳን ደወል ነው፣ የእጅ ሰዓት አይደለም፤ ደወሉ ሩብ ሰዓት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ሁሉም ይፈርሳል። ሰው ያለውን መረጃ ጥራት አይቶ ነው ነጥቡን መምረጥ ያለበት። ሰዓቱን በግምት የሚያውቅ ሰው ፀሐይን፣ ቬነስን፣ ማርስን፣ ጁፒተርን፣ ሳተርንን ያለ ስጋት ይመልከት። ጨረቃን በጥንቃቄ። የምሥራቁን ዲግሪ ይተወው።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እሱ ከአባባ ጋር የተያያዘ ነው። አባባ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ኮከብ ቆጠራን አይወዱም፣ ባሕረ ሐሳብን ግን እንደ ውሃ ይጠጡታል። ቼኩን የተቀበልኩ ሰሞን ደብተሬን አሳየኋቸው። «ኮከቡን ተይውና ቁጥሩን አሳዪኝ» አሉኝ። ሦስት ቀኖች አሳየኋቸው። ሰኔ 14 ቀን 1974፣ እኔ ከመወለዴ በፊት በነበረው ቀን፣ ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ ነበር፤ በደቡብ በኩል የታየ። ሰኔ 14 ቀን 1993 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ነበር፤ በአንጎላ፣ በዛምቢያ፣ በዚምባብዌ ያለፈው። ከዚያ ሰኔ 14 ቀን 2012። ሦስቱም በአንድ ዲግሪ ውስጥ ናቸው። ሰው ብዙ ጊዜ ይህን የ19 ዓመት ዑደት፣ ግርዶሽ በ18 ዓመት ከ11 ቀን ከሚመለስበት ከሌላው ዑደት ጋር ያምታታዋል፤ በዚያኛው ግርዶሹ ወደ 11 ዲግሪ ገደማ ስለሚገፋ ያንኑ የልደት ነጥብ አይነካም። ወደዚያው ቀንና ወደዚያው ዲግሪ የሚመልሰው የ19 ዓመቱ ነው፤ እሱም አራት አምስት ጊዜ ተደጋግሞ ያቆማል።

ኮከብ ቆጣሪዎች ግርዶሽ በአንድ ነጥብ ላይ ሲወድቅ ከ19 ዓመት በፊት በዚያው ነጥብ የተጀመረውን ተመልከት ይላሉ። እኔ 1993ን ሳስብ አባባ ጡረታ የወጡበት ዓመት ነው። የቤቱ ትልቅ ልጅ እኔ ስለነበርኩ የቀን ትምህርቱን ትቼ በመስከረም 1994 ያ ማተሚያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ገባሁ። በመስከረም 2013 ወጣሁ። ይህን ያየሁት ከወጣሁ በኋላ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ላይ የተጻፈውን ዓመት ስቆጥር ነው፤ አስቀድሜ ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትምና እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም። ግን ወረቀቱን ይዤ ለረጅም ጊዜ ቆሜያለሁ።

አባባ ብዕራቸውን አወጡና ከደብተሬ ጠርዝ ላይ መጻፍ ጀመሩ። 5500 ሲደመር 2012፣ 7512። በ19 ሲገደፍ 7 ይቀራል። «አሐደ አእትት ለዘመን» ብለው አንዱን ተዉት፤ ወንበር 6። ስድስት ጊዜ 11፣ 66፤ ሁለት ሠላሳ ሲወጣ አበቅቴ 6። ከዚያ 1993ን ሠሩ፤ 7493፣ ቀሪው 7፣ ወንበር 6፣ አበቅቴ 6። 1974ን ሠሩ፤ ያው። «ይኸው ንኡስ ቀመር ነው እኮ» አሉኝ፤ «ጨረቃ በ19 ዓመት ወደ ቀኗ ትመለሳለች። አዲስ ነገር አላመጣሽም።» ፊታቸው ላይ ግን ደስታ ነበር፤ የተማሪው መልስ ትክክል የመጣለት መምህር ደስታ።

ብዕሩን ሳያስቀምጡ አንድ መስመር ዝቅ ብለው ቀጠሉ። 2031። 7531፣ ቀሪው 7፣ ወንበር 6፣ አበቅቴ 6። «ያኔም ሰኔ 14 ይኖራል?»

«ይኖራል፤ እንደዚህኛው ቀለበት ሆኖ። ግን በሰሜን፣ በአላስካና በኖርዌይ በኩል ነው የሚያልፈው፤ እኛ ጋ አይታይም።»

«ያኔ አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«በማግሥቱ ሃምሳ ሰባት ይሞላኛል።»

ጻፉት። ከአበቅቴው አጠገብ፣ በቀይ ከተሰረዘው ከራሳቸው ስም ሥር፣ 57 ብለው ጻፉና መነጽራቸውን አወለቁ።